አንድ ሰበታ፣ አራት ሰበታ

ሰበታ ውስጥ ዓለም ገና ላይ፣ ከጅማው መንገድ ዳር ካሉት የሞባይል መሸጫዎች በአንዱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ነበር። አዲስ ስልክ የሚገዛ ሲመጣ ሻጩ ልጅ ካርቶኑን ይከፍታል፣ ፕላስቲኩን ይልጣል፣ ሲም ካርዱን ያስገባል፤ ከዚያ ስልኩ ገና ሲበራ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ራሱ ይመልሳል። ጥያቄው «በምን ቋንቋ ላውራህ?» ነው። ልጁ English የሚለውን ነካ አድርጎ ያልፋል። አገር ሲጠየቅም ከላይ የመጣለትን ይቀበላል። ገዢውን ለምን እንደማይጠይቅ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «አማርኛ ባደርግላቸው ሴቲንጉ ይጠፋባቸውና ተመልሰው እኔው ጋ ነው የሚመጡት» አለኝ። ያን ጊዜ ስልክ የገዙት እናት ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከሻጩ ጋር በአማርኛ ነበር የሚነጋገሩት። ሱቁ ውስጥ እንግሊዝኛ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንዲህ ናቸው። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ታክሲ ውስጥ ሌላ፣ ቢሮ ሲሄዱ ደግሞ እንደ ቢሮው። ጠዋት ከሱሉልታ ተነስቶ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ይቀይራል፤ መቀየሩንም አያውቀውም። ማኅበራዊ ሚዲያውን የሠሩት ሰዎች ግን ሰውን ሲያስቡ አንድ አገርና አንድ ቋንቋ አድርገው ነው የጀመሩት። በዚህ አሳብና በከተሞቹ ኑሮ መካከል ያለው ክፍተት ማን ምን እንደሚያይ፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሚተረጎምና የትኛው ወሬ «መነጋገሪያ ሆነ» እንደሚባል ይወስናል። የክፍተቱን ሥር ለማግኘት ግን ከስልኩ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ቋንቋ የሚመርጥልህ ሌላ ሰው መሆኑ በዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ ብሎ ደነገገ፤ ትምህርት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ማመልከቻውም በዚያው ሄደ። ከአብዮቱ በኋላ በሪሳ የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ ግን የግዕዝ ነበር። ፊደሉ የተቀየረው ከደርግ መውደቅ በኋላ፣ ጥቅምት 1984 ዓ.ም አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ቁቤ ሲመረጥ ነው። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ አናባቢ ርዝመት፣ ስለ መጥበቅና ስለ ፖለቲካ ነበር። ኮምፒውተር የክርክሩ ዋና ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም ውሳኔው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ስልክ ላይ ያመጣው ነገር ከተጠበቀው በላይ ሰፊ ነው፤ ደግሞም በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሠራው።

የመጀመሪያው አቅጣጫ ኦሮምኛን ጠቀመ። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ የትኛውም የኖኪያ ስልክ ያለ ምንም ማስተካከያ ይጽፈዋል። የግዕዝ ፊደል ግን በኮምፒውተር ዓለም የጋራ ቁጥር ያገኘው በ1992 ዓ.ም መባቻ፣ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ቁጥሩ ከተገኘም በኋላ ስልኮች እስኪቀበሉት ብዙ ጊዜ ፈጀ። ስልኩ ቢቀበለው እንኳ ኪስ ይነካል። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን መላኪያው ወደ ሌላ ኮድ ይሻገርና 70 ብቻ ይቀራል። የአንዱ መልእክት ዋጋ ሁለት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የነበረው የአጭር መልእክት አገልግሎት በ2000 ዓ.ም መግቢያ ሲመለስ፣ አማርኛ ተናጋሪው ወጣት «selam nw endet neh» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ኦሮምኛ ተናጋሪው በራሱ ሕጋዊ ፊደል ሲጽፍ አማርኛ ተናጋሪው በብድር ፊደል ይጽፍ ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ቡራዩ ውስጥ ከታ ወይም አሸዋ ሜዳ ያለ የሠፈር ግሩፕ ብትገቡ ግማሹ አማርኛ በላቲን ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ የመጣው ማሽኑ ቋንቋን መለየት ሲጀምር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የትርጉሙም፣ የመነጋገሪያ ርዕሱም፣ የጥቆማውም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

አንድ ፖስት ሲለጠፍ ከሁሉ በፊት የሚደረገው «ይህ በምን ቋንቋ ተጻፈ?» ተብሎ መጠየቅ ነው። የሚጠየቀው ጸሐፊው አይደለም፤ ጽሑፉን የሚያይ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ትርጉም አያውቅም። ሁለት ሦስት ፊደል እየቆረሰ የትኛው ቁራሽ በየትኛው ቋንቋ እንደሚበዛ ያሰላል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገር ሲመጣለት ሥራው ቀላል ነው፤ ፊደሉ ብቻውን አማራጩን ወደ ሁለት ሦስት ቋንቋ ያወርደዋል። በላቲን ፊደል ሲመጣ ግን መቶ ምናምን ቋንቋ ይሻሙበታል። እንደ aa፣ ee፣ uu ያሉት ድርብ አናባቢዎች ሱማልኛም ውስጥ አሉ፣ ፊንላንድኛም ውስጥ አሉ። ፕሮግራሙ ቀድሞ ኦሮምኛ ካልተማረ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አላውቅም» አይልም፤ ከሚያውቃቸው አንዱን ይሰጥና ያልፋል።

ይህ ግምት አይደለም። የፌስቡክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የለቀቁት lid.176 የተባለ የቋንቋ መለያ 176 ቋንቋ ይለያል። አማርኛ አለበት፣ ሱማልኛ አለበት። ኦሮምኛና ትግርኛ የሉበትም። ትዊተርም ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ባወጣው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ am ተብሎ ሲገኝ om የሚል አልነበረም፤ ያልታወቀ ጽሑፍ und የሚል ምልክት ያገኝ ነበር። በአፍ መፍቻነት የአገሪቱ ትልቁ ቋንቋ እንዲህ ተዘለለ። የመለያው መማሪያ በዋናነት ዊኪፔዲያ ነበር፤ ዊኪፔዲያ ላይ ብዙ ያልጻፈ ቋንቋ፣ ተናጋሪው በአሥር ሚሊዮኖች ቢቆጠርም፣ ለዚህ ማሽን ትንሽ ቋንቋ ነው።

እዚህ ላይ የላቲን ፊደል አማርኛም እጣው ያው ነው። «nege sebeta enegenagn» የሚለውን አማርኛ ብሎ የሚለይ መለያ እምብዛም የለም። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ በቁቤ ኦሮምኛ፣ ሌላው በላቲን አማርኛ የጻፉ፣ በማሽኑ ዓይን እኩል ቋንቋ አልባ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። በግዕዝ ፊደል የጻፈው ሦስተኛው ብቻ በስሙ ይጠራል። ፖለቲካው ሲታይ ኦሮምኛና አማርኛ ናቸው የሚሻሙት፤ ስልኩ ላይ ግን መስመሩ የተሰመረው በፊደል ነው።

ትርጉሙ በዚህ ላይ ቆሞ መጣ። ጎግል አማርኛን መተርጎም የጀመረው የካቲት 2008 ዓ.ም ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ የተጨመሩት ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ከሌሎች 22 ቋንቋዎች ጋር ባንድ ቀን ነው። ስድስት ዓመት ልዩነት። ያ ስድስት ዓመት ዝም ብሎ ያለፈ ጊዜ አይደለም፤ ከማስተር ፕላኑ ተነስቶ የቀጠለው ተቃውሞ፣ የመንግሥት ለውጡ፣ የሰሜኑ ጦርነት አብዛኛው ክፍል እዚያው ውስጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት ኦሮምኛ የማያነብ የቡራዩ ነዋሪ ከጎረቤቱ ገጽ የሚያገኘው፣ ሰው ካልተረጎመለት በቀር፣ በአብዛኛው ፎቶውንና የአስተያየቱን ቁጥር ነበር። የሚተረጉሙለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገጽ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ፤ የፈለጉትን ቆርጠው፣ የፈለጉትን ጨምረው።

የፌስቡኩ ባለቤት ሜታ NLLB-200 የተባለውን የ200 ቋንቋዎች ትርጉም ሞዴል ያወጣው ከጎግል ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም ነው። በዚህ ሞዴል ውስጥ አማርኛ amh_Ethi፣ ኦሮምኛ ደግሞ gaz_Latn ይባላል። gaz የሚለው ኮድ ኦሮምኛን ሁሉ አይወክልም፤ የምዕራብና የመካከለኛውን ብቻ ነው። የሐረርጌው hae የሚል፣ የቦረናና የጉጂው gax የሚል የራሳቸው ኮድ አላቸው። በወረቀት ላይ እንግዲህ የሱሉልታ ሰው ከሐረርጌው ይልቅ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ የተሠራለት የእሱ አነጋገር ነው።

ትርጉሙ የት እንደሚሰበር ለማየት ረጅም ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፤ ሰላምታ ይበቃል። Akkam jirta? ለእኩያ ወይም ለታናሽ ነው። Akkam jirtu? ለብዙ ሰው፣ እንዲሁም ለትልቅ ሰው በአክብሮት ነው። አማርኛም ይህንኑ ልዩነት አጥርቶ ያውቀዋል፤ «እንደምን ነህ» እና «እንደምን ነዎት» እያለ። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ነገር ተግባብተው ነበር። ግን ብዙ የትርጉም ማሽኖች ኦሮምኛን ወደ አማርኛ ሲወስዱ በመንገድ ላይ እንግሊዝኛ ያሳድሩታል፤ የኦሮምኛና የአማርኛ ጥንድ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ከእያንዳንዱ ወደ እንግሊዝኛ ያለው ነው የሚበዛው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም How are you? ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ አክብሮቱ የለም። አማርኛ ላይ ሲደርስ ማሽኑ አንዱን መገመት አለበት፤ ሲገምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያየውን ይመርጣል፤ «አንተ» ይላል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የለቅሶ ምስጋና ሲለጥፉ፣ ከሥር አንድ ወጣት በ jirtu የጻፈላቸው አክብሮት ለአማርኛ አንባቢ «እንዴት ነህ» ሆኖ ይታያል። አንባቢው «እንዴት ያለ ባለጌ ነው» ብሎ የሚፈርደው በማሽኑ ላይ አይደለም፤ በልጁ ላይ ነው።

አማርኛም በተራው የራሱ ጉድጓድ አለው። የግዕዝ ፊደል መጥበቅን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን ያልሆነ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። የሰበታዋ ዓለም ገና ራሷ ለማሽን ወጥመድ ናት፤ «ዓለም ገና ደርሰናል» የሚል ፖስት ሲያገኝ ስለ ከተማ እየተወራ እንደሆነ ካላወቀ ዓለምንም ገናንም ለየብቻ ሊተረጉማቸው ይችላል። ቁቤ በበኩሉ መጥበቁንም ርዝመቱንም በፊደል ይጽፋል፤ gara «ወደ» ነው፣ garaa «ሆድ» ነው። ነገር ግን በስልክ ሲቸኩሉ አንዷ a ትቀራለች። ሰው ከአገባቡ ይረዳዋል፤ ማሽን ሊሳሳት ይችላል።

የቦታ ስምና የሰው ስም ማሽኑ ጥቂት ለተማራቸው ቋንቋዎች ሁሉ የጋራ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የቻይናው ፕሬዚዳንት ማይንማርን ሲጎበኙ ፌስቡክ ስማቸውን ከበርማኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ጸያፍ ስድብ አድርጎት ነበር። ኩባንያው ይቅርታ ሲጠይቅ የሰጠው ምክንያት ስሙ በበርማኛ ማኅደሩ ውስጥ ስላልነበረ ማሽኑ ገምቶ መተርጎሙ ነው። የፕሬዚዳንት ስም እንዲህ ከሆነ የከታ ስም ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

አሁን ወደ ሴቲንጉ ልመለስ። ፌስቡክ ላይ ቋንቋና ክልል የሚለውን ክፍል የከፈተ ሰው አንድ ምርጫ ያገኛል ብሎ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ቋንቋን የሚነኩ አራት ምርጫዎችን ነው። የመጀመሪያው የቁልፎቹና የምናሌው ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ፖስት ወደ የትኛው ቋንቋ ይተርጎምልህ የሚል ነው። ሦስተኛው የትኞቹን ቋንቋዎች ስለምታውቅ ትርጉም አይቅረብልህ ይላል። አራተኛው የትኞቹ ራሳቸው በራሳቸው አይተርጎሙብህ የሚል ነው። ሰው የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ የሚያየውን የሚቀይሩት ግን የቀሩት ሦስቱ ናቸው። ምናሌውን አማርኛ ያደረገ ሰው ኦሮምኛ ፖስት ሲመጣለት አብሮ አማርኛ አይሆንለትም።

ከዚህ የተነሳ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፤ «ለእሱ ትርጉም ይመጣለታል፣ ለእኔ አይመጣም፣ ለምን?» ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛ፣ ያ ቋንቋ «የማውቀው» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ይህን ሴቲንጉን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ፖስቱን ኦሮምኛ መሆኑን አላወቀውም። ይህን ለመለየት ከዚያው ገጽ ረዘም ያለ ሌላ ፖስት ማየት ነው፤ ረጅሙ See translation ካለው፣ አጭሩ ከሌለው፣ ነገሩ የመለየት ችግር ነው። ሦስት ቃል ያላት፣ ስሜት መግለጫ ምልክት የበዛባት፣ መሃሏ ላይ እንግሊዝኛ የገባባት ፖስት ለመለያው አትበቃም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ፎቶ ላይ ነው። በየሠፈሩ የሚለጠፈው የወረዳ ማስታወቂያ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የእድር ጥሪ አብዛኛው ፎቶ ነው፤ ዋናው የከተማ ወሬ የሚመላለሰውም በዚሁ ነው። ለትርጉሙ ብዙ ጊዜ ባዶ ሥዕል ሆኖ ያልፋል።

ስልኩ ራሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የቋንቋ ቅደም ተከተል ይልካል። ከ2009 ዓ.ም ወዲህ የመጡ አንድሮይዶች ከአንድ በላይ ቋንቋ በተራ ማስቀመጥ ያስችላሉ። ለሰበታ ቤተሰብ የሚስማማው ይህን ይመስላል፦

```
Accept-Language: om-ET,am;q=0.8,en;q=0.5
```

ኦሮምኛ ቀዳሚ፣ አማርኛ ቀጥሎ፣ እንግሊዝኛ መጨረሻ ማለት ነው። om የሌለው ድረ ገጽ ወደ am መውረድ አለበት። የዓለም ገናው ልጅ English ብሎ ሲያልፍ ግን ዝርዝሩ አንድ ቋንቋ ብቻ ይሆንና መውረጃ ደረጃው ይጠፋል። እኔ ለዘመድ ስልክ ሳስተካክል ምናሌውን ለለመዱት እንግሊዝኛ ትቼ ሁለቱን ከሥሩ እጨምራለሁ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ቋንቋው እንዲህ ከሆነ፣ ቦታውስ? ስልኩ የት እንዳለ በጂፒኤስ ካልተናገረ ኩባንያው የሚያየው የኔትወርክ አድራሻውን ነው። የሞባይል ኔትወርክ አድራሻ ደግሞ ሰውየው የቆመበትን አይናገርም፤ መስመሩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን በር ነው የሚናገረው። የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ስልክ በአብዛኛው አዲስ አበባ ተብሎ ነው የሚነበበው። በቀድሞው የቤት ስልክ ዘመንም ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሰበታም አዲስ አበባም 011 ነበሩ። በዓለም አቀፉ የአገር ክፍፍል ኮድ አዲስ አበባ ET-AA ነው፣ ኦሮሚያ ET-OR ነው። በአስተዳደር ሦስቱም ከተሞች ET-OR ውስጥ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በኔትወርክ ግን ET-AA ሆነው የሚቆጠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ «ኦሮሚያ ውስጥ ምን ተፈለገ» የሚል ካርታ ሲወጣ የሸገር ሰው ድምፅ ከፊሉ የአዲስ አበባ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በአሁኑ ሕገ መንግሥት 49ኛ አንቀጽ ላይ ስንት ዓመት የተከራከርንበት ወሰን ሰርቨር ላይ በአንድ የኔትወርክ በር ተዘልሎ ማለፉን ሳስብ ይገርመኛል።

መነጋገሪያ ርዕስ የሚባለው ነገር በዚህ ሁሉ ላይ ነው የሚሰላው። ብዙ ሰው «ትሬንድ አደረገ» ሲባል ብዙ ጊዜ ተጻፈ ማለት ይመስለዋል። አይደለም፤ ድንገት ጨመረ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቃል በሰዓት 2000 ጊዜ እየተጻፈ ቆይቶ 2400 ቢሆን ብዙም አይታይም። ሌላው ከ10 ተነስቶ 200 ቢደርስ ይወጣል። ለትንሽ ከተማ ይህ ዕድል ነበር፤ ትንሽ መነሻ፣ ፈጣን ጭማሪ። ዕድሉን የሚበላው አጻጻፉ ነው።

ሰበታ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተከሰተ እንበል፤ ጎርፍ ገባ፣ ወይም የፋብሪካ እሳት ተነሳ። ባንድ ሰዓት 120 ሰው ጻፈ። 40ው ሰበታ ብሎ፣ 10ሩ ሠበታ ብሎ፣ 45ቱ Sabbataa ብሎ፣ 25ቱ Sebeta ብሎ። ለሰው አንድ ነገር ነው፣ 120። ለቆጣሪው አራት የተለያየ ቃል ነው፣ ትልቁም 45። መቁረጫው 60 ቢሆን አንዱም አያልፍም። ኮምፒውተሮች ጽሑፍ ለማስተካከል የሚጠቀሙበት የተለመደው የዩኒኮድ ማስተካከያ ሰንና ሠን አያገናኝም፣ ሀንና ሐን አያገናኝም፣ ጸንና ፀን አያገናኝም፤ ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የምትለዋ አንድ ቃል እንኳ በአገራችን አጻጻፍ ቢያንስ ስድስት መልክ ይኖራታል። ቡራዩም በቁቤ Buraayyuu፣ በእንግሊዝኛ Burayu ነው፤ መሃል ላይ አንድ y ያጎደለም አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጻፍ ሀሽታግ ግን አይከፋፈልም። ስለ ኢትዮጵያ ዓለም ላይ የወጡት ትልልቅ መነጋገሪያዎች በእንግሊዝኛ መሆናቸው ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው፤ የሚጻፉትም በከፊል ለውጭ ሰው፣ እንደ ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ካሉ ከተሞች ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ መቁጠሪያ ራሱ አንድ ጊዜ ተዘግቷል። ጦርነቱ ወደ መሃል አገር በቀረበበት ሳምንት፣ ጥቅምት 26 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ትዊተር ሰው ላይ ጉዳት ሊደርስ ይችላል በሚል ስጋት በኢትዮጵያ የመነጋገሪያ ርዕሶችን ዝርዝር ለጊዜው ማቋረጡን አስታወቀ። ኩባንያው ይዘቱን አንድ በአንድ ከመለየት ይልቅ ዝርዝሩን በሙሉ ማጥፋቱ ለእኔ ብዙ ይናገራል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 25፣ የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ፣ በስድስት ቋንቋ የሚናገር መቶ ሚሊዮን ሕዝብ እያለ ኩባንያው የደኅንነት ሥርዓቱን የዘረጋው በሁለቱ ብቻ ነው ብላ ነበር። ሜታ በዚያው ወራት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማልኛና በትግርኛ ይዘት እንደሚገመግም መልሷል። ሁለቱም አነጋገር አብሮ ሊቆም ይችላል፤ ሰው ተቀጥሮ የሚያነብበት ቋንቋና ማሽኑ ሳይጠየቅ የሚለየው ቋንቋ አንድ አይደሉም። ክልልን መዝጋት ቋንቋን ከማወቅ ይቀላል፤ ኢትዮጵያ የሚል መስመር አለ፣ እሱን ማጥፋት ነው። ሚኒያፖሊስ ያለው ሀሽታግ ጸሐፊ ግን ከዚያ መስመር ውጭ ነበር።

የጥቆማው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሴቲንግን የማይሰማው ክፍል ነው። ዩቲዩብ hl እና gl በሚሉ ሁለት ምልክቶች ቋንቋና አገር ይቀበላል፤ hl=am ቢደረግ ምናሌው አማርኛ ይሆናል። ከፊት የሚመጣው ቪዲዮ ግን ያያችሁትን ተከትሎ ነው። ዩቲዩብ የአገር ዝርዝር የሚያወጣበትን የመነጋገሪያ ገጹን ሐምሌ 2017 ዓ.ም ዘግቶታል፤ አሁን የሚመዝነው የሰው ልማድ ነው። ልማዱን የሚያገናኘው ደግሞ ያንኑ ያዩ ሌሎች ሰዎች ናቸው። የሱሉልታ ልጅ አንድ የኦሮምኛ ዘፈን ሰምቶ ቢቀጥል ማሽኑ ያን ዘፈን የሰሙትን ፈልጎ የእነሱን ይሰጠዋል። ከሰሚዎቹ መካከል በሚኒሶታ ያሉም አሉ። እንዲህ እየሆነ ሳምንት ሳይሞላው ከሚኒሶታ የሚተላለፍ የፖለቲካ ውይይት ሊደርሰው ይችላል፤ ጎረቤቱ የሰቀለው የሱሉልታ የወተት ገበያ ቪዲዮ ግን ላይደርሰው ይችላል። በአማርኛ የጀመረው፣ ከእሱ በላይ ፎቅ ላይ ያለው ተከራይ ደግሞ ዋሽንግተን ይደርሳል። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው። ሴቲንጋቸውም አንድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማየት ለአንድ ሳምንት ሁለት ባዶ አካውንት ይበቃል። በአንዱ ኦሮምኛ ብቻ፣ በሌላው አማርኛ ብቻ ሃያ ቪዲዮ ማየት፤ ከዚያ ሴቲንጋቸውን ማገላበጥ። ሴቲንጉ ሲገላበጥ ምናሌው ይቀየራል፤ ከፊት የሚቀርበው ግን በአብዛኛው በነበረበት ይቀጥላል። ሁለቱንም ቋንቋ ቀላቅሎ የሚያየው ሰው ደግሞ ለማሽኑ አስቸጋሪ ደንበኛ ነው፤ እሱን የሚመስል ጥቂት ነው ብሎ ስለሚገምት ወደ አንዱ ወገን ይገፋዋል። ከእነዚህ ከተሞች ነዋሪ ስንቱ እሱን ይመስላል?

ከሱቁ ስወጣ ልጁ ለሴትየዋ ፌስቡክ እየጫነላቸው ነበር። አካውንት ለመክፈት የሚኖሩበትን ከተማ ጠየቃቸው፤ «ሰበታ በለው» አሉ። ልጁ S ብሎ ጀመረ፣ ከሥር ከመጡለት ስሞች አንዱን ሊነካ ሲል ቆም አለና ቀና ብሎ «በእንግሊዝኛ ነው በኦሮምኛ?» አላቸው። ሴትየዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው ስልኩን ተቀበለችና ሁለት b አድርጋ ጻፈችው። ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። አንዱን b አጠፋችው።